‹አቋርጦ ወጣ› ማለት ተሸነፈ ማለት ነው ወይስ አልተጫወተም?

እኛ የእግር ኳስ ሰዎች ነን። ለእኛ ጨዋታ ማለት 90 ደቂቃ ነው። አጥቂው ቢጎዳ ተቀያሪ ይገባል፤ ተቀያሪ ቢያልቅ በ10 ሰው ይቀጠላል። አንድ ሰው ስላነከሰ ብቻ ጨዋታው አለቀ የሚባል ነገር አናውቅም። ችግሩ ግን ሊጎቹ ተዘግተው ክረምቱ ሲገባ ቲኬት መቁረጥ የለመደ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አርሴናልና ማንቸስተር እረፍት ላይ ሲሆኑ ዊምብልደን አለ። እናም ቴኒስ በቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር በአካል አይቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ፣ ከመርካቶ እስከ ጌሼ ራቤል፣ ስልኩን ከፍቶ ሲነርን ከሦስት ሌሎች ጨዋታዎች ጋር ያጣምራል። ከዚያ አንዱ ተጫዋች መሃል ላይ ራኬቱን አስቀምጦ ይወጣል። ጭቅጭቁም ይጀመራል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቴኒስ ተጫዋች ጨዋታውን ሲያቋርጥ ስክሪኑ ላይ ከውጤቱ ጎን Ret. የምትል ምልክት ትመጣለች። ተጋጣሚው ወደ ቀጣዩ ጨዋታ ያልፋል፤ ለውድድሩ አዘጋጅ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለተወራራጁ ግን አላለቀም። አንዱ አጫዋች ድርጅት ‹‹ተበልተሃል›› ሲል ሌላው ለዚያው ጨዋታ ‹‹ገንዘብህን ውሰድ›› ይላል። ሁለቱም የሚያጭበረብሩ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም የተጻፈ ደንብ አላቸው፤ ደንባቸው ግን አንድ አይደለም። የዛሬው ጽሑፌ ውርርድን ለመቀስቀስ አይደለም። ሰው የገዛውን ዕቃ ምንነት ሳያውቅ ከፍሎ እንዳይወጣ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንድ የቃል ጣጣ እዚሁ ላስተካክል። ቴኒስ ውስጥ ጌሞች ተሰብስበው የሚሠሩት ክፍል በእንግሊዝኛ ‹ሴት› ይባላል። ከወይዘሮዋ ጋር እንዳይምታታብን እኔ ‹ዙር› እያልኩ እቀጥላለሁ። በትልልቆቹ አራት ውድድሮች (ግራንድ ስላም) ወንዶች ከአምስት ዙር ሦስት ያሸነፈ ይበልጣል፤ በሌሎቹ ውድድሮች ከሦስት ሁለት። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደ ደንቦቹ እንምጣ። በዓለም ላይ ያሉ አጫዋቾች ‹‹ማን ያሸንፋል›› በሚለው ተራ ውርርድ ላይ በአብዛኛው ከአራት መንገዶች አንዱን ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹ አንድ ኳስ ሰርቭ ከተደረገች ውርርዱ ጸንቷል ይላሉ፤ ያለፈው አሸናፊ ነው። ሁለተኛዎቹ ቢያንስ አንድ ዙር ማለቅ አለበት፣ ከዚያ በፊት ከተቋረጠ ገንዘብ ይመለሳል ይላሉ። ሦስተኛዎቹ ሁለት ዙር ካላለቀ አይሆንም ባዮች ናቸው። አራተኛዎቹ ደግሞ ጨዋታው እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ካልተጠናቀቀ ውርርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል ይላሉ።

በወረቀት ሲነበብ ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። በሦስት እውነተኛ ጨዋታዎች ላይ ስናስቀምጠው ግን ሌላ ነው።

አንደኛው የ2020 የአሜሪካ ኦፕን ነው። ጆኮቪች ከስፔናዊው ካሬኞ ቡስታ ጋር ሲጫወት በመጀመሪያው ዙር 6 ለ 5 እየተመራ ነበር። ተናዶ ወደ ኋላ የመታት ኳስ የመስመር ዳኛዋን ጉሮሮ አገኘቻት፤ ከውድድሩ ተባረረ። ይሄ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሳይሆን ቀይ ካርድ ነው። ብዙ አጫዋቾች ግን መባረርንም በማቋረጥ ደንባቸው ነው የሚዳኙት። በዚያ ከሄድን ‹‹አንድ ኳስ›› ባዩ ቤት ለካሬኞ ቡስታ ይከፍላል። የቀሩት ሦስቱ ቤቶች ሁሉ ገንዘብ ይመልሳሉ፤ ምክንያቱም አንድ ዙር እንኳን አላለቀም፤ የቀረው ቢበዛ ሁለት ጌም ነበር።

ሁለተኛው የጥር 2025 የአውስትራሊያ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ነው። አሁንም ጆኮቪች፣ ተጋጣሚው ዝቬሬቭ። የመጀመሪያውን ዙር 7 ለ 6 ከተሸነፈ በኋላ የግራ እግሩ ጡንቻ አላስኬደው ብሎ ወደ መረቡ ሄዶ እጁን ሰጠ። እዚህ ላይ አንድ ዙር አልቋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ለዝቬሬቭ ይከፍላሉ፤ የኋለኞቹ ሁለት ቤቶች ለሁሉም ይመልሳሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በእነሱ ሐምሌ 7 ቀን 2025፣ ዊምብልደን። ቡልጋሪያዊው ዲሚትሮቭ የዓለም ቁጥር አንዱን ሲነርን 6 ለ 3 እና 7 ለ 5 በሁለት ዙር እየመራው ነው። ሦስተኛው ዙር 2 ለ 2። ዲሚትሮቭ ሰርቭ መታ፣ ነጥቡን አገኘ፣ ከዚያ ደረቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የቀኝ ደረቱ ጡንቻ ነበር። እያለቀሰ ወጣ። አንድም ዙር ያላሸነፈው ሲነር አለፈ፤ ኋላም ዋንጫውን ወሰደ።

እዚህ ጨዋታ ላይ ሁለት ሙሉ ዙር አልቋል። ስለዚህ ‹‹አንድ ኳስ››ም፣ ‹‹አንድ ዙር››ም፣ ‹‹ሁለት ዙር››ም የሚሉት ሦስቱ ቤቶች በአንድ ድምፅ ሲነር አሸንፏል ይላሉ። በዲሚትሮቭ ላይ ብር ያስቀመጠ ሰው፣ ልጁ ሁለት ለባዶ እየመራ፣ ተበላ። ‹‹ሙሉ ጨዋታ›› የሚለው አራተኛው ቤት ብቻ ነው ለሁለቱም ወገን የሚመልሰው።

አሁን ይህንን ወደ ጥምር ቲኬት አምጡት፤ የእኛ ሰው እንደሆነ ነጠላ አይቆርጥም። ለምሳሌ ያህል እንበል፤ አንድ ሰው በ100 ብር አራት ጨዋታ አጣመረ። የሦስቱ ኦድ 1.50፣ 2.00 እና 1.60 ነው፤ ሲባዛ 4.80 ይሆናል። አራተኛው ዲሚትሮቭ በ7.00 ነው። ሁሉም ቢመጣ 3,360 ብር ነበር። ሦስቱ መጡለት፤ ዲሚትሮቭ አቋረጠ። በሦስቱ ቤቶች ቲኬቱ ተቃጥሏል፤ ዜሮ። በአራተኛው ቤት ግን የዲሚትሮቭ ጨዋታ ይሰረዝና ኦዱ 1.00 ይሆናል። ስለዚህ ቀሪዎቹ ሦስቱ ብቻ ተባዝተው 480 ብር ይከፈላል። ያው ጨዋታ፣ ያው ቲኬት፣ ያው 100 ብር፤ አንዱ ባዶ እጁን፣ ሌላው 480 ብር ይዞ ይወጣል።

ብዙ ሰው ‹‹ተሰርዟል›› ሲባል ቲኬቱ በሙሉ የወደቀ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ 3,360 ጠብቆ 480 ሲያይ ተዘረፍኩ ብሎ ይጮሃል። ሁለቱም አይደለም። ክፍያችሁን ስታዩ ከተቋረጠው ጨዋታ ጎን 1.00 ተጽፎ ካገኛችሁ ውርርዱ ተሰርዞ ቀሪው ተባዝቷል ማለት ነው። የራሳችሁን ብዜት በስልካችሁ ካልኩሌተር ሠርታችሁ ብታመሳክሩ በአንድ ደቂቃ ይለያል።

እስካሁን ያወራነው ‹‹ማን ያሸንፋል›› ብቻ ነው። በጌም ብዛት ላይ የተወራረደ ሰውስ? በእግር ኳስ ‹ኦቨር 2.5› እንደምንለው በቴኒስም የጌሞች ድምር አለ። የዲሚትሮቭን ጨዋታ እንደምር፦ 9፣ 12 እና 4፤ በጠቅላላው 25 ጌም ተጫውተዋል። ኦቨር 24.5 ያለ ሰው ጨዋታው ሳይቋረጥ በፊት መስመሩን አልፏል። ብዙ አጫዋቾች ‹‹ቀድሞ የተወሰነ ነገር ይጸናል›› የሚል አንቀጽ ስላላቸው ይከፍሉታል። አንዳንዱ ግን ጨዋታው ካላለቀ የጌም ብዛት ውርርድ ሁሉ ይሰረዛል ብሎ ጽፏል።

ኦቨር 28.5 ያለውስ? እዚህ ላይ ነው ጠበቃ የሚያስፈልገው። 25 ጌም ብቻ ነው የተጫወቱት፤ መስመሩ አልታለፈም። ግን አስቡት፤ ሦስተኛው ዙር 2 ለ 2 ነበር። ከዚያ በአጭሩ ሊያልቅ የሚችለው 6 ለ 2 ነው፤ ያ ደግሞ አራት ጌም ይጨምራል፤ 29። ስለዚህ ጨዋታው በምንም መንገድ ቢያልቅ ከ28.5 በታች ሊሆን አይችልም ነበር። ‹‹ጨዋታው በተፈጥሮ ቢያልቅ ውጤቱ የተወሰነ ነበር ወይ?›› ብሎ የሚጠይቅ ደንብ ያለው ቤት ለዚህ ሰው ይከፍላል። ‹‹እስከተቋረጠበት ድረስ መስመሩ ታልፏል ወይ?›› የሚለው ቤት ደግሞ ይመልሳል። አንድ ዐረፍተ ነገር ነች ልዩነቷ።

የዙር ውጤት የገመተ፣ 3 ለ 0 ወይም 3 ለ 1 ያለ፣ በአብዛኛው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ያ ውጤት በሜዳ ላይ አልተፈጠረምና። የመጀመሪያውን ዙር ዲሚትሮቭ ይወስዳል ያለ ግን ያለ ጥርጥር ያገኛል፤ ያ ዙር ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ላይ በአንድ ቤት ሦስት ነጠላ ቲኬት ቆርጦ በአንዱ ሊበላ፣ በአንዱ ሊመለስለት፣ በአንዱ ሊከፈለው ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ለየውርርዱ ዓይነት ደንቡ ለየብቻ ስለሆነ ነው።

ሁለት ነገሮች ከማቋረጥ ጋር እንዳይምታቱባችሁ። አንደኛው ፎርፌ ነው፤ ተጫዋቹ ሜዳ ሳይገባ ከቀረ ስክሪኑ W/O ይላል። ኳስ ስላልተመታች ከአራቱ ደንቦች በየትኛውም ብትሄዱ ገንዘብ ይመለሳል። ሁለተኛው ዝናብ ወይም ጨለማ ነው። ቴኒስ ለነገ ሲተላለፍ ካቆመበት ነጥብ ነው የሚቀጥለው፤ ስለዚህ ቲኬቱ ‹ፔንዲንግ› ሆኖ ይቆያል እንጂ አልተሰረዘም። በማግስቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚወሰነው።

አሁን ‹‹የትኛው ደንብ ነው ፍትሐዊ?›› ለሚለኝ ሰው መልስ ላምጣ። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ደስ የሚያሰኝ የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2010 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ ሩጫው አልቆመም፤ ገብሬ ገብረማርያም ሮጦ ጨርሶ አሸነፈ። በማራቶን የአንድ ሰው መውጣት ውድድሩን አይገድለውም። ቴኒስ ግን የሁለት ሰው ነገር ነው፤ አንዱ ከወጣ የሚለካ ነገር የለም። ‹‹ሙሉ ጨዋታ›› የሚለው ደንብ የዲሚትሮቭን ሰው ያድነዋል፤ ግን በአውስትራሊያ ዝቬሬቭን የያዘውንና አንድ ዙር እየመራ የነበረውን ሰው ትርፉን ይነጥቀዋል። ‹‹አንድ ኳስ›› የሚለው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ታሞ እንደገባ ቀድሞ የሰማ ሰው ሁለት ጌም ጠብቆ እንዲሰበስብ በር ይከፍታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ወሬ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 2 ቀን 2007፣ ፖላንድ፣ ሶፖት ከተማ። የዓለም ቁጥር አራቱ ሩሲያዊው ዳቪዴንኮ 87ኛ ላይ ካለው አርጀንቲናዊው ቫሳሎ አርጉዌሎ ጋር ይጫወታል። የመጀመሪያውን ዙር ዳቪዴንኮ 6 ለ 2 ወሰደ። በተለመደው አካሄድ ከዚህ በኋላ ገንዘቡ ወደ እሱ መጉረፍ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቤትፌር በተባለው የእንግሊዝ የውርርድ ገበያ ላይ ገንዘቡ ወደ አርጉዌሎ ጎረፈ። ሁለተኛውን ዙር አርጉዌሎ 6 ለ 3 ወሰደ፤ በሦስተኛው 2 ለ 1 እየመራ ሳለ ዳቪዴንኮ እግሬን አመመኝ ብሎ አቋረጠ። በተለመደው የአንድ ዙር ደንብ ብንሄድ የአርጉዌሎ ሰዎች መከፈል ነበረባቸው። ቤትፌር ግን ወደ 3.4 ሚሊዮን ፓውንድ የተወራረደበትን ገበያ በሙሉ ሰረዘው። የወንዶች ቴኒስ ማኅበር አንድ ዓመት የፈጀ ምርመራ አድርጎ በ2008 ሁለቱንም ተጫዋቾች ጥፋት አላገኘሁባቸውም ብሎ ነጻ አወጣ። በዚያው ዓመት ቴኒስ የራሱን የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ ክፍል አቋቋመ።

ይህንን ታሪክ ያመጣሁት ስለ ዳቪዴንኮ ለማማት አይደለም፤ ሰውየው ነጻ ወጥቷል። የተጻፈ ደንብ እንኳን ከላዩ ሌላ ደንብ እንዳለው ለማሳየት ነው፦ ‹‹ድርጅቱ ከተጠራጠረ ይሰርዛል።›› ይህ አንቀጽ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ግን ማን ነው የሚጠረጥረው? በስንት ቀን ነው የሚወስነው? የተወራራጁ ቅሬታስ የት ይሄዳል? እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ አንቀጹ የተሸናፊ ቤት ማምለጫ ይሆናል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ‹‹ሹር ነው›› የምትባለዋ። አንዳንድ ብልጦች በሁለት ቤቶች መካከል የኦድ ልዩነት ፈልገው በሁለቱም ተጫዋቾች ላይ ይቆርጣሉ፤ ማንም ቢያሸንፍ ትርፍ አለ ባዮች ናቸው። ለምሳሌ ጆኮቪችን አንዱ ቤት በ2.10፣ ዝቬሬቭን ሌላው ቤት በ2.05 አገኙ እንበል፤ በእያንዳንዱ 100 ብር። ጨዋታው በደንብ ካለቀ አምስት ወይም አሥር ብር ትርፍ ነው። ጆኮቪች ግን ከአንድ ዙር በኋላ አቋረጠ። የጆኮቪች ቲኬት ያለው ‹‹አንድ ዙር›› የሚለው ቤት ነው፤ 100 ብሩ ተበላ። የዝቬሬቭ ቲኬት ያለው ‹‹ሙሉ ጨዋታ›› የሚለው ቤት ነው፤ 100 ብሩ ተመለሰ እንጂ አልተከፈለም። ሹር የተባለችው ቲኬት 100 ብር በላች። አምስት ብር ለማትረፍ መቶ ብር አደጋ ላይ መጣል ማለት ይሄ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትልቁ ነገር ኦድ ብቻውን ዋጋ አለመሆኑን ነው። የምትደግፉት ተጫዋች በቅርቡ ጉዳት ያለበት ከሆነ ‹‹ሙሉ ጨዋታ›› የሚለው ቤት 1.85 ቢሰጥ፣ ‹‹አንድ ዙር›› የሚለው ቤት ከሚሰጠው 1.90 ሊሻል ይችላል፤ ውስጡ መድን አለበትና። ዲሚትሮቭን እዩት፤ የዊምብልደኑ ማቋረጥ በተከታታይ አምስተኛው የግራንድ ስላም ማቋረጡ ነበር። ይህንን የሚያውቅ ሰው ከኦዱ በፊት ደንቡን ያያል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አጫዋቾቹ ‹‹ደንባችን ድረ ገጻችን ላይ አለ፤ ተቀብለው ነው የገቡት›› ይላሉ። በሕግ ቋንቋ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ራቤል ላይ ሆኖ በስልኩ የሚቆርጥ ልጅ የሚጠይቀው መስኮት፣ የሚያናግረው ካሸር የለውም። በእጁ ያለችው ቲኬቷ ብቻ ነች። ቲኬቷ ላይ ደግሞ የጨዋታው ስም፣ ኦዱና የሚጠበቀው ክፍያ እንጂ ‹‹ካቋረጠስ?›› የሚለው መልስ የለም። ሃምሳ ገጽ ደንብ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ለዚህ ልጅ እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው ብሔራዊ ሎተሪም ሆነ ነገ በቦታው የሚቀመጥ ተቆጣጣሪ፣ ቴኒስ ለሚያጫውት ሁሉ አንድ መስመር ግዴታ ማድረግ አለበት። ቲኬቱ ላይ፣ በአማርኛ፣ ከኦዱ ሥር፦ ‹‹ተጫዋች ካቋረጠ ውርርዱ የሚጸናው አንድ ዙር ካለቀ ነው›› ወይም ‹‹ጨዋታው ካላለቀ ገንዘብ ይመለሳል››። አንድ መስመር ነች። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ይውጣ ከተባለ እኔ የአንድ ዙሩን እመርጣለሁ፤ ታሞ በገባ ተጫዋች ላይ በሁለት ጌም የሚሰበሰበውን ገንዘብ ይከለክላል፣ እየመራ ያለውንም ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን አይሰድም። የዲሚትሮቭ ዓይነቱ ቀን ሲመጣ ያማል፤ ግን ሰውየው ቀድሞ አውቆት ያመመው ሕመም ሌላ ነው።

እስከዚያው ድረስ ቴኒስ የሚቆርጥ ሰው ሁለት ነገር ያድርግ። አጠቃላይ ደንቡን ትቶ የቴኒሱን ክፍል ይፈልግ፤ እዚያ ውስጥ ‹‹ማቋረጥ›› ወይም Retirement የሚለውን ያንብብ። ከዚያ ያንን ገጽ ቲኬቱን በቆረጠበት ቀን ፎቶ ያንሳው፤ ደንብ ይቀየራል፣ ከጨዋታው በኋላ የሚነበበው ደንብ ሲቆርጥ የነበረው ላይሆን ይችላል። ቲኬቱን ይዞ ከሚጮህ ሰው ይልቅ የዕለቱን ደንብ ይዞ የሚጠይቅ ሰው ይሰማል።

ዳኛው ጨዋታው አልቋል ሲል በእግር ኳስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊሽካ አለ። በቴኒስ ቲኬት ላይ ፊሽካውን የሚነፋው አጫዋቹ ነው። ቢያንስ መቼ እንደሚነፋው አስቀድሞ ይንገረን።